ወንድም ጋሼ ቁጥር ለጥፎ የተወልኝ 14 መጽሐፍ

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ወንድም ጋሼ የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ ካናዳ ሲሄድ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲውን የአይዛክ አሲሞቭን 14 መጻሕፍት በካርቶን ትቶልኝ ሄደ። ጀርባቸው ላይ ከ1 እስከ 14 ቁጥር ለጥፎ ‹በታሪኩ ዘመን ነው የደረደርኩት፣ በቁጥሩ አንብቢ› ብሎኛል። እስከ 5 በፍቅር አነበብኩ። 6ኛው ላይ ግን የማውቃቸው ሰዎች በሙሉ ጠፉ፤ ሁለት ወር ሆነኝ ገጽ 40ን አላለፍኩም። እሑድ እሑድ ደውሎ ‹የት ደረስሽ?› ሲለኝ አፍሬ ‹9ኛው ላይ ነኝ› አልኩት። ጣና ዳር አብረን ቡና የምንጠጣ ጓደኛዬ ‹እንዲያውም ከ9 ጀምሪ፣ የዋናው ሰውዬ ወጣትነት እዚያ ነው› ትለኛለች። ባለቤቷ ደግሞ ‹መጀመሪያ የተጻፈው 10ኛው ነው› ይላል። 11ኛ ክፍል የሆነው ታናሽ ወንድሜም ‹እኔስ ከየቱ ልጀምር?› እያለ ይነዘንዘኛል። ሁሉንም እንደገና ልጀምር? ወንድም ጋሼንስ ምን ልበለው? ሰ. ነኝ፣ ከባሕር ዳር»

እህቴ ሰ.፣

እስቲ መጀመሪያ ወደ ካርቶኑ ሂጂና አንድ ነገር እይልኝ። 6 የተለጠፈበት «ዘ ከረንትስ ኦቭ ስፔስ»፣ 7 «ዘ ስታርስ፣ ላይክ ደስት»፣ 8 ደግሞ «ፔብል ኢን ዘ ስካይ» ነው? እንዲያ ከሆነ ቁጥሩ የወንድምሽ ፈጠራ አይደለም። 9ኛውን፣ «ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን»ን፣ ግለጪው። ታሪኩ ሳይጀምር ደራሲው ለአንባቢ የጻፈው አጭር ማስታወሻ ታገኛለሽ፤ አሲሞቭ ራሱ 14ቱን መጻሕፍት በታሪኩ ዘመን የደረደረው እዚያ ላይ ነው። ማስታወሻውን ብታነቢው ምንም አያበላሽብሽም። ሌላ ገጽ ግን አትግለጪ፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ወንድምሽ እንግዲህ ከደራሲው እጅ የወጣ ዝርዝር ነው የገለበጠው። ችግሩ ዝርዝሩ «የትኛው ታሪክ ከየትኛው በፊት ሆነ?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ መሆኑ ነው። «የትኛውን አስቀድሜ ላንብብ?» ለሚለው ግን ደራሲው ራሱ «ምናልባት» ከማለት አያልፍም። አሲሞቭም እዚያው ላይ ሲጀምር እንዲጣጣሙ አስቦ እንዳልጻፋቸው፣ አንዳንድ ቦታ ሊጋጩም እንደሚችሉ ያምናል።

አሁን እርሳስ አምጪና እያንዳንዱ መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት ከቁጥሩ አጠገብ ጻፊበት። ዓመቱን የምታገኚው ከርዕሱ ገጽ ጀርባ፣ የቅጂ መብቱ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ነው። ያገለገሉ መጻሕፍት ላይ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ የመጨረሻው ኅትመት ዓመት ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ እሱን ይይዛል። አንቺ የምትፈልጊው ከቅጂ መብት ምልክቱ ቀጥሎ ያለውን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስትጨርሺ ከ1 እስከ 14 እንዲህ ይሆንልሻል፦ 1982፣ 1954፣ 1957፣ 1983፣ 1985፣ 1952፣ 1951፣ 1950፣ 1988፣ 1951፣ 1952፣ 1953፣ 1982፣ 1986።

ከ5 ወደ 6 ስትሻገሪ የሆነውን ተመልከቺ። ከ1985 ወደ 1952 ወረድሽ። አሲሞቭ የተወለደው በ1920 ስለሆነ የ65 ዓመት ሰው የጻፈውን ዘግተሽ የ32 ዓመት ሰው የጻፈውን ነው የከፈትሽው። ያ ወጣት የሮቦቶቹን ታሪክና ጋላክሲውን የሚገዛውን ኢምፓየር ታሪክ አንድ ሊያደርጋቸው ገና አላሰበም። ማያያዙ የመጣው ከ1982 ወዲህ፣ ወደ ተከታታዩ ሲመለስ ነው። ስለዚህ 5ኛው ስለ 6ኛው ያውቃል፤ 6ኛው ግን 5ኛው የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። 5ኛው ላይ የተሸከምሽውን ሐዘንና ጉጉት ሁሉ ይዘሽ ስትገቢ የሚቀበልሽ ሰው የለም። ገጽ 40 ላይ የቆምሽው ሰነፍ ሆነሽ አይደለም፤ እዚያ ቦታ ላይ ብዙ አንባቢ ይቆማል። ከ3 ወደ 4 ስታልፊም መጽሐፉ ድንገት ወፍሮ፣ ንግግሩም ረዝሞ አልታየሽም? እዚያም መካከል 26 ዓመት አለ። በዚያን ጊዜ የታገስሽው መርማሪው ኤላይጃ ቤይሊና ባልደረባው አብረውሽ ስለተሻገሩ ነው።

ጓደኛሽ «ከ9 ጀምሪ» ያለችሽ ከቅን ልብ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ምክር ይሄው ነው። 9ኛው ዋናው ሰውዬ ያለችሽን የሃሪ ሴልደንን የወጣትነት ዘመን ይተርካል፣ እውነት ነው። የተጻፈው ግን 10፣ 11፣ 12፣ 13 እና 14ን ላነበበ ሰው ነው። ምን እንደሚያበላሽብሽ መልሱን ሳልነግርሽ ላስረዳሽ።

10ኛው፣ «ፋውንዴሽን»፣ ሲከፈት ከገጠር ዓለም የመጣ አንድ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ትራንቶርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ ነው። ትራንቶር የኢምፓየሩ መናገሻ ናት፤ ከ40 ቢሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት፣ መላ አካሏ በብረት የተሸፈነ ዓለም። ደራሲው ያንን ወጣት ያመጣው አንቺም አብረሽው አፍሽን ይዘሽ እንድታያት ነው። 9ኛው በበኩሉ ከዳር እስከ ዳር ትራንቶር ውስጥ የሚሽከረከር ወፍራም መጽሐፍ ነው። እሱን አስቀድመሽ ካነበብሽ 10ኛው ላይ ወጣቱ ብቻውን ሲደነቅ አንቺ ታዛጊያለሽ። ይሄ ቀላሉ ጉዳት ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። 9ኛው መጨረሻው ላይ የአንድ ሰው ማንነት ይገለጣል። ያ ማንነት 14ኛው መጽሐፍ፣ «ፋውንዴሽን ኤንድ ኧርዝ»፣ ሙሉ ጉዞውን ተጉዞ በመጨረሻዎቹ ገጾች የሚደርስበትን ነገር አስቀድሞ ይነግርሻል። 14ኛው በ1986፣ 9ኛው በ1988 ስለወጡ በጊዜው ያነበበ ሰው መጀመሪያ 14ኛው ላይ ደነገጠ፣ ቀጥሎ 9ኛው ላይ «ለካ ያኔም ነበር!» አለ። በቁጥሩ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

አሁን ካርቶኑ ውስጥ ስለሌለው መጽሐፍ ልንገርሽ። ዝርዝሩ የተጻፈው በ1988 ነው። አሲሞቭ በሚያዝያ 1992 ከዚህ ዓለም ተለየ፣ «ፎርዋርድ ዘ ፋውንዴሽን» የሚባለው የተከታታዩ የመጨረሻ መጽሐፉ ደግሞ በ1993 ወጣ። በታሪኩ ዘመን ቦታው 9 እና 10 መካከል ነው፣ የሴልደን ሽምግልና ማለት ነው። ስለዚህ የወንድምሽ ስብስብ 15ኛው ይጎድለዋል። ይህ መጽሐፍ ወደ መጨረሻው አካባቢ የ12ኛው መጽሐፍ ትልቁ እንቆቅልሽ ስለሆነው ነገር በግልጽ ያወራል። 12ኛው፣ «ሰከንድ ፋውንዴሽን»፣ ሁለት ረጅም ክፍል አለው፤ ሁለቱም ክፍሎች አንድን ቦታ ፍለጋ ናቸው። ቦታው የት እንደሆነ አውቀሽ ከገባሽ የሌላ ሰው እንቆቅልሽ ሲፈታ ተቀምጠሽ እንደማየት ይሆንብሻል።

እንደገና ልጀምር ወይ ላልሽው፣ አትጀምሪ። ያነበብሻቸው አምስቱ አልባከኑም። እንዲያውም ሮቦቶቹን ማወቅሽ 14ኛው ላይ በጣም ይጠቅምሻል፤ ፋውንዴሽንን ብቻ አንብቦ እዚያ የሚደርስ ሰው መጨረሻው ላይ «ይሄ ማነው?» ብሎ ግራ ይጋባል፤ አንቺ ግን ልብሽ ደንገጥ ይላል። የጎደለብሽ አንድ ትንሽ ነገር ነው። 8ኛው መጽሐፍ ላይ ምድር በጨረር ተመርዛ ትገኛለች፤ 5ኛው የተጻፈው በከፊል የዚያን ምክንያት ለመስጠት ስለሆነ ከጥያቄው በፊት መልሱን ይዘሻል። ይሁን፣ ይሄ ብዙ አይጎዳም።

ስለዚህ 6ን አሁኑኑ ዝጊው። 7 እና 8ንም ካርቶኑ ውስጥ መልሻቸው። ከዚያ 10፣ 11፣ 12ን በተከታታይ፣ ቀጥለሽ 13፣ ቀጥለሽ 14፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ 9ን፣ በመጨረሻም የጎደለውን 15ኛ። 11 እና 12 ወይም 13 እና 14 መካከል ሌላ ነገር አታስገቢ፤ እነዚህ በቀጥታ የሚያያዙ ናቸው። እረፍት ካስፈለገሽ 12ን ጨርሰሽ እረፊ። 12 እና 13 መካከል በታሪኩም ከመቶ ዓመት በላይ፣ በደራሲው ሕይወትም 29 ዓመት አለ፤ ደራሲውም ያረፈው እዚያው ጋ ነው።

10ኛው ላይ የምትደናቀፊበትን ከአሁኑ ልንገርሽ፣ እንደ 6ኛው ድንገተኛ እንዳይሆንብሽ። መጽሐፉ አምስት ክፍል አለው፤ ከክፍል ወደ ክፍል አሥርት ዓመታት ያልፋሉ። አንዱን ሰው ስትወጂው ክፍሉ ያልቃል፣ ቀጣዩን ስትገልጪ ሰውዬው ሐውልት ወይም ተረት ሆኗል። ይህ የሆነው አራቱ ክፍሎች መጀመሪያ ከ1942 እስከ 1944 በመጽሔት ላይ ለየብቻ የወጡ አጫጭር ታሪኮች ስለነበሩ ነው። የሚያስቀው ደግሞ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል፣ ያ ወጣት ትራንቶርን የሚያይበት፣ ከአምስቱ መጨረሻ የተጻፈ ነው፤ በ1951 መጽሐፉ ሲዘጋጅ መግቢያ እንዲሆን የተጨመረ። ኋላ የተጻፈ መነሻ በዚህ ተከታታይ ውስጥ የጀመረው እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ይሄኛው ምንም ለማያውቅ አንባቢ ታስቦ መጻፉ ነው፤ 9ኛው ግን ሁሉን ለሚያውቅ። በእኔ ግምት አንድን ኋላ የተጻፈ መነሻ ታሪክ አስቀድሞ ማንበብ ይቻል አይቻል እንደሆነ የሚለየው ይሄ ነው፦ ደራሲው በሩ ላይ የሚጠብቀው እንግዳን ነው ወይስ ቤተኛን?

10ኛው ላይ ሌላም ነገር ይገርምሻል። ሮቦት የለም፤ ስማቸውም አይነሳም። ደራሲው ረስቷቸው አይደለም፣ ያኔ የሌላ ዓለም ታሪክ ነበሩ። «የት ሄዱ?» የሚለውን ጥያቄ ይዘሽ ቀጥዪ፤ 14 እና 9 የተጻፉት በከፊል ለእሱ ነው። 11ኛው ሁለት ክፍል አለው፣ የመጀመሪያው ቀዝቀዝ ይላል፣ ሁለተኛው ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነው። የ11 እና የ12ን የጀርባ ሽፋን አታንብቢ። አሳታሚዎች እዚያ ላይ አፋቸው ሰፊ ነው፤ ደራሲው ብዙ ገጽ ደክሞ የደበቀውን በሁለት መስመር ይጥሉታል። የምር እየነገርኩሽ ነው፣ በወረቀት ሸፍኛቸው። ስልክሽ ላይ ከመጻሕፍቱ የተሠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ቅንጣቢ ቢመጣብሽም እለፊው፤ መጻሕፍቱ ኋላ የሚገልጡትን እሱ ቀድሞ ያሳያል።

6፣ 7 እና 8ስ? ብቻቸውን የሚቆሙ ቀጫጭን ልብ ወለዶች ናቸው፤ ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄጂ ወይም በክረምት አንድ ቅዳሜ የሚነበቡ። ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ግቢባቸው። ስትገቢባቸው ግን በ7 ጀምረሽ ወደ 6፣ ከዚያ ወደ 8 ሂጂ። አዎ፣ ዝርዝሩ እዚህ ጋ በራሱ መለኪያ እንኳ አጠራጣሪ ነው። 7ኛው ላይ ትራንቶር ኃያል መንግሥት ሆና አትታይም። 6ኛው ላይ የጋላክሲውን ግማሽ ያህል ይዛለች። 8ኛው ላይ ኢምፓየሩ ሁሉንም ጠቅልሎ ዘመን መቁጠር ከጀመረ 827 ዓመት ሆኖታል። እንዲህ ሆኖ 6 ከ7 እንዴት ይቀድማል? ደራሲው ቢሆንም የራሱን መጽሐፍ ቅደም ተከተል ማሳሳት ይችላል።

ታናሽ ወንድምሽ ገና ምንም ስላላነበበ ከአንቺ የተሻለ ዕድል አለው፤ እሱን በተጻፉበት ዓመት አስኪጂው። 10፣ 11፣ 12 ይቅደሙለት። 12ኛው ላይ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ታሪኩን ትመራለች፣ ለዕድሜው ትቀርበዋለች። ቀጥሎ 2 እና 3፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ 4 እና 5፣ ከዚያ 14፣ መጨረሻ 9። 1ኛው የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ስለሆነ መካከል ላይ በፈለገው ጊዜ ይቅመሰው። የመርማሪ ታሪክ የሚወድ ልጅ ከሆነና 10ኛው ላይ ከደከመው ግን አትግፊው፤ 2ኛውን፣ «ዘ ኬቭስ ኦቭ ስቲል»ን፣ ስጪውና እሱና 3ኛውን ጨርሶ ወደ 10 ይመለስ። ምንም አይጎድልበትም። የማይደራደርበት ነገር አንድ ብቻ ይሁን፦ 9 ከ12 እና ከ14 በፊት አይነካም። አሲሞቭ ካለፈ በኋላ ሌሎች ደራሲዎች የጨመሯቸው መጻሕፍት እጁ ቢገቡም ወደ መጨረሻው ይቆዩለት።

አሁን ወደ ወንድም ጋሼ። «9ኛው ላይ ነኝ» ያልሽው ውሸት ትንሽ ነው፣ ሰው ሲያፍር የሚላት ናት፤ አልወቅስሽም። ግን ምን እንደሚያስከትል አስበሻል? በሚቀጥለው ወይም ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ 9ን ጨርሰሻል ብሎ በደስታ «መጨረሻው ላይ ያ ሰውዬ ማን ሆኖ አረፈው!» ይልሻል። ሁለት ዓመት የጠበቀውን ጨዋታ በሁለት ደቂቃ ስልክ ያበላሸዋል፣ እሱም በኋላ ሲያውቅ ይጸጸታል። ስለዚህ ሳይደውል አንቺ ቀድመሽ ደውዪ። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። «ወንድም ጋሼ፣ ዋሽቼህ ነበር፣ 6 ላይ ሁለት ወር ቆሜያለሁ፣ ስለ 9 ምንም እንዳትነግረኝ» ብትዪው ይበቃል። የሚከፋው ይመስልሻል? መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ቁጥር ቆርጦ የለጠፈ ሰው የፈለገው አብሮት የሚያወራ ሰው ይመስለኛል።

ወሬውን ከዚያ በጥያቄ አስቀጥዪው። 7 ላይ ኃያል ያልነበረችው ትራንቶር 6 ላይ ግማሹን ጋላክሲ ከያዘች እንዴት 6 ቀደመ በይው፤ ቁጥሩን ሲለጥፍ ካላስተዋለው ስልኩን የምትዘጉት አንድ ሰዓት ሙሉ ካወራችሁ በኋላ ነው። ከካናዳ የሚመጣ ዘመድ ካለም 15ኛውን፣ «ፎርዋርድ ዘ ፋውንዴሽን»ን፣ እንዲልክልሽ ጠይቂው።

አንድ ሌላም ጠይቂው፦ እሱ ራሱ መጀመሪያ ያነበበው የቱን ነበር? ያገኘውን ያገኘውን እያነሳ አንብቦ፣ ለእህቱ ግን የተስተካከለ መንገድ ልስጣት ብሎ ኋላ የደረደረው ሊሆን ይችላል። እሱ የለጠፈውን ቁጥር ደግሞ አትንቀዪው። የአንቺን ቅደም ተከተል በእርሳስ ከሥሩ ጻፊው፤ 10 ሥር 6 ብለሽ ጀምሪ፣ አምስቱን ጨርሰሻልና።